የጋራውን ወጪ ማን ይሸከም? የወጪ ማከፋፈያ ሰንጠረዥ አሠራር

የወጪ ማከፋፈያ ሰንጠረዥ አንድ ድርጅት በጋራ ለሚጠቀምበት ነገር የወጣውን ገንዘብ ለየሥራ ክፍሎቹ የሚያካፍል የሒሳብ ሺት ነው። አንድ ማተሚያ ቤት የገዛው ወረቀት የትኛው ሥራ ላይ እንደዋለ ይታወቃል፤ የማሽን ኦፕሬተሩ ደመወዝም የየትኛው ክፍል እንደሆነ አያከራክርም። እነዚህ ቀጥተኛ ወጪዎች ይባላሉ። የሕንፃው ኪራይ፣ የጥበቃው ክፍያ፣ የሒሳብ ክፍሉና የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ግን የሁሉም ናቸው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ባለቤት ስለሌለው የማንም ሆኖ ይቀራል። ሰንጠረዡ የሚሠራው በእነዚህ ባለቤት በሌላቸው የጋራ ወጪዎች ላይ ነው።

ክፍፍሉ በጠቅላላው ወጪ ላይ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም፣ አይቀንስምም። የሚለውጠው የትኛው ክፍል አትራፊ፣ የትኛው ከሳሪ ሆኖ እንደሚታይ ነው። የምርት ዋጋ መጨመር፣ ለክፍል ኃላፊ ጉርሻ መስጠት ወይም አንድን ክፍል እስከ መዝጋት የሚደርስ ውሳኔ በዚህ ምስል ላይ ሊመሠረት ስለሚችል፣ ክፍፍሉ በምን እንደተለካ በግልጽ መታየቱና መለኪያው ሲነካ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ መታወቁ ግድ ይላል።

ሦስቱ መለኪያዎች

ጥሩ መለኪያ ወጪውን ያመጣውን ምክንያት ተከትሎ የሚሄድ ነው። የሠራተኛው ቁጥር ሲጨምር የሚጨምር ወጪ በሠራተኛ ቁጥር ይከፈላል። የምሳ ድጎማ፣ የሠራተኞች ሰርቪስ፣ የሰው ኃይል አስተዳደርና የኢንተርኔት ክፍያ ከዚህ ይመደባሉ። የወለሉ ስፋት ሲጨምር የሚጨምረው ደግሞ በካሬ ሜትር ይከፈላል፤ ኪራይ፣ ጽዳትና ጥበቃ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ሦስተኛው መለኪያ የሽያጭ ገቢ ነው። በእርሱ የሚከፈሉት የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ፣ የሒሳብ ክፍሉ ወጪ፣ የኦዲት ክፍያና የድርጅቱ ስም ማስተዋወቂያ ናቸው። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ብዙ የሸጠ ክፍል ከሥራ አስኪያጁ ብዙ ሰዓት ወስዷል ማለት አይደለም። ገቢ የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ሌላ የሚታይ ምክንያት ሲጠፋ፣ «የበለጠ የሚያገኝ የበለጠ ይሸከም» በሚል አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መለኪያዎች ወጪው ከየት መጣ ለሚለው ሲመልሱ፣ ሦስተኛው ማን ይችለዋል ለሚለው ይመልሳል። በየድርጅቱ የሚነሳው ክርክር በአብዛኛው በዚህ በሦስተኛው ላይ የሚያርፈውም ለዚህ ነው።

አንድ ድርጅት፣ ሦስት ክፍሎች

ለማሳያ ያህል አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ አንድ አነስተኛ የኅትመት ድርጅት ይወሰድ። ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ማተሚያ፣ ዲዛይንና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር። ማተሚያው 20 ሠራተኞች አሉት፣ 300 ካሬ ሜትር ይዟል፣ በወር 900 ሺህ ብር ይሸጣል። ዲዛይን በ8 ሠራተኞችና በ60 ካሬ ሜትር 300 ሺህ ብር ያስገባል። መደብሩ በ12 ሠራተኞችና በ140 ካሬ ሜትር 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይሸጣል።

እነዚህ ቁጥሮች መጀመሪያ ወደ ድርሻ ይለወጣሉ። በሠራተኛ ቁጥር ማተሚያ 50፣ ዲዛይን 20፣ መደብር 30 በመቶ ይደርሳቸዋል። በወለል ስፋት ድርሻቸው 60፣ 12 እና 28 በመቶ ነው። በገቢ ደግሞ 30፣ 10 እና 60 በመቶ ይሆናል። ማተሚያው በስፋት ከሁሉም ሲበልጥ በገቢ የመደብሩ ግማሽ ነው፤ የኋላው ክርክር ዘር ከዚህ ይጀምራል።

የድርጅቱ ወርሃዊ የጋራ ወጪ 400 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ኪራይ 150 ሺህ፣ ጥበቃና ጽዳት 40 ሺህ ሲሆኑ ሁለቱም በካሬ ሜትር ይከፈላሉ። ምሳና ሰርቪስ 60 ሺህ፣ ኢንተርኔትና ስልክ 10 ሺህ ሲሆኑ በሠራተኛ ቁጥር ይከፈላሉ። አስተዳደርና ሒሳብ 140 ሺህ ብር ሲሆን በገቢ ይከፈላል። ውጤቱ በሺህ ብር እንደሚከተለው ነው።

| ወጪ | ማተሚያ | ዲዛይን | መደብር | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| ኪራይ | 90.0 | 18.0 | 42.0 | 150 |
| ጥበቃና ጽዳት | 24.0 | 4.8 | 11.2 | 40 |
| ምሳና ሰርቪስ | 30.0 | 12.0 | 18.0 | 60 |
| ኢንተርኔትና ስልክ | 5.0 | 2.0 | 3.0 | 10 |
| አስተዳደርና ሒሳብ | 42.0 | 14.0 | 84.0 | 140 |
| ድምር | 191.0 | 50.8 | 158.2 | 400 |

ቀጥተኛ ወጪያቸው ከተቀነሰ በኋላ፣ የጋራው ሳይነካ፣ ማተሚያው 240 ሺህ፣ ዲዛይኑ 90 ሺህ፣ መደብሩ 140 ሺህ ብር በእጃቸው ይቀራል። ከዚያ ላይ የጋራው ወጪ ሲነሳ ማተሚያው 49 ሺህ፣ ዲዛይኑ 39 ሺህ 200 ብር ያተርፋሉ፤ መደብሩ ግን 18 ሺህ 200 ብር ይከስራል። ድርጅቱ በጠቅላላው 70 ሺህ ብር አትርፏል። ሪፖርቱ እዚህ ላይ ቢቆም የመደብሩ ኃላፊ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚጠብቀው ጥያቄ ግልጽ ነው።

የሺቱ አሠራር

ይህን ስሌት በካልኩሌተር ሠርቶ ውጤቱን ብቻ መጻፍ ይቻላል። ችግሩ የመጣው ሰው «ኪራዩ ቢጨምርስ? አስተዳደሩ በሌላ መለኪያ ቢከፈልስ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ነገር እንደገና መሠራቱ ነው። በኤክሴል የሚሠራ ሰንጠረዥ ይህን የሚፈታው የሚጻፈውን ቁጥር ከሚሰላው በመለየት ነው። ሦስት ሺቶች ይበቃሉ። አንደኛው የክፍሎቹን መለኪያ ይይዛል፣ ሁለተኛው ወጪዎቹንና ክብደታቸውን ይይዛል፣ ሦስተኛው ማንም እጁን ሳያስገባ ውጤቱን ብቻ ያሳያል።

`Drivers` በተባለው ሺት ላይ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ረድፍ የሠራተኛ ቁጥር፣ ካሬ ሜትርና ገቢ በየተራ ይሰፍራሉ። ዓምዶቹ `B`፣ `C` እና `D` ሦስቱ ክፍሎች ሲሆኑ `E` ድምራቸው ነው። ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ረድፍ ድርሻዎቹ ይሰላሉ፤ በ`B7` ላይ `=B2/$E2` ተጽፎ ወደ ጎንና ወደ ታች ይገለበጣል።

`Costs` የተባለው ሺት ለእያንዳንዱ ወጪ አንድ ረድፍ አለው። በ`B` መጠኑ፣ በ`C` የሠራተኛ ቁጥር ክብደት፣ በ`D` የስፋት ክብደት፣ በ`E` የገቢ ክብደት ይጻፋል። ኪራይ በስፋት ብቻ የሚከፈል ከሆነ ክብደቶቹ 0፣ 100 እና 0 በመቶ ናቸው። ሰንጠረዡን ተስተካካይ የሚያደርገው ይህ ነው፤ አንድ ወጪ ከአንድ መለኪያ ጋር ተጣብቆ አይቀርም፣ በሁለት ወይም በሦስት መለኪያዎች መሃል ሊከፈል ይችላል። ጥበቃው በሩን የሚጠብቀው ለሰውም ለዕቃም ነው ከተባለ ለስፋት 70፣ ለሠራተኛ ቁጥር 30 በመቶ ክብደት መስጠት ይቻላል።

ሦስተኛው ሺት፣ `Result`፣ ሁለቱን ያገናኛል። በ`B2` ላይ የሚጻፈው ፎርሙላ አንድ ብቻ ነው፤ ለሁሉም ወጪና ለሁሉም ክፍል ይገለበጣል።

```
=Costs!$B2*(Costs!$C2*Drivers!B$7
 +Costs!$D2*Drivers!B$8
 +Costs!$E2*Drivers!B$9)
```

በቃል ሲነገር፣ የወጪው መጠን በተመዘነ ድርሻ ይባዛል ማለት ነው። የዶላር ምልክቱ ቦታ ግን ቀልድ አይደለም። `$B2` ላይ ዓምዱ ታስሯል፤ ፎርሙላው ወደ ጎን ሲገለበጥ ያንኑ ወጪ እንደያዘ ይሄዳል። `B$7` ላይ ረድፉ ታስሯል፤ ወደ ታች ሲገለበጥ ያንኑ ድርሻ እንደያዘ ይወርዳል። አንዱ ምልክት ከቦታው ቢጎድል ፎርሙላው ሳይጮህ ጎረቤት ሴል ውስጥ ያለ ሌላ ቁጥር ይወስዳል። ውጤቱም ስህተት የማይመስል ስህተት ይሆናል።

ለዚህ ነው ሺቱ መቆጣጠሪያ የሚያስፈልገው። የመጀመሪያው በ`Costs` ላይ ነው፤ በ`F` ዓምድ `=SUM(C2:E2)` ተጽፎ የእያንዳንዱ ወጪ ክብደት ድምር 100 በመቶ መሆኑ ይታያል። አንድ ሰው አስተዳደሩን ለሠራተኛ ቁጥር 50፣ ለገቢ 60 በመቶ ብሎ ቢጽፍ 140 ሺህ የነበረው ወጪ 154 ሺህ ሆኖ ይከፋፈላል። ማንም ያላወጣው 14 ሺህ ብር ከባዶ ይፈጠራል። ሁለተኛው መቆጣጠሪያ በውጤቱ ሺት መጨረሻ ላይ ሆኖ የተከፋፈለው ድምር ከወጪው ድምር ጋር እኩል መሆኑን ይጠይቃል።

```
=ROUND(SUM(B2:D6)-SUM(Costs!B2:B6),2)
```

መልሱ ዜሮ ካልሆነ ሪፖርቱ ከቢሮ መውጣት የለበትም። ዜሮ መሆኑ ግን ክፍፍሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ምንም አልጠፋም፣ ምንም አልተጨመረም ማለት ብቻ ነው። በተሳሳተ መለኪያ የተከፈለ ወጪም ድምሩ በትክክል ይገጥማል። ማጠጋጋት የሚያስፈልግ ከሆነም በሴሉ የቁጥር አቀማመጥ ማሳየት ይበቃል። እያንዳንዱ ሴል ወደ ብር ከተጠጋጋ በኋላ ከተደመረ ግን አንዳንድ ወር አንድ ብር ይተርፋል ወይም ይጎድላል፤ ያችን አንድ ብር ፍለጋም ግማሽ ቀን ይጠፋል።

ክብደቱ ሲነካ

ወደ መደብሩ ኃላፊ ይመለስ። ኃላፊው አንድ ጥያቄ ማንሳት ይችላል፤ ሥራ አስኪያጁና ሒሳብ ክፍሉ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት በሰው ጉዳይ ነው፣ ደመወዝ የሚሠራው ለሰው ነው፤ ታዲያ አስተዳደሩ ለምን በሠራተኛ ቁጥር አይከፈልም? ሐሳቡ ምክንያት የሌለው አይደለም። በ`Costs` ሺት ላይ የአስተዳደሩ ክብደት ከገቢ ወደ ሠራተኛ ቁጥር ሲዛወር የመደብሩ ድርሻ ከ84 ሺህ ወደ 42 ሺህ ይወርዳል። የ18 ሺህ 200 ብር ኪሳራውም ወደ 23 ሺህ 800 ብር ትርፍ ይዞራል። የማተሚያው ትርፍ ከ49 ሺህ ወደ 21 ሺህ፣ የዲዛይኑ ከ39 ሺህ 200 ወደ 25 ሺህ 200 ብር ይወርዳል። የድርጅቱ ትርፍ ግን እንደነበረው 70 ሺህ ነው። አንድም ደንበኛ አልጨመረም፣ አንድም ወጪ አልቀነሰም፤ ሁለት ሴሎች ብቻ ተለወጡ።

ክብደቱ እኩል፣ ግማሹ ለሠራተኛ ቁጥር ግማሹ ለገቢ ቢሆን ደግሞ መደብሩ 2 ሺህ 800 ብር ያተርፋል። ከዚህ በመነሳት የሰንጠረዡን ትልቁን ጥቅም ማየት ይቻላል። የገቢው ክብደት በአንድ በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር የመደብሩ ውጤት በ420 ብር ይቀንሳል። ክብደቱ 56 በመቶ እስኪሆን መደብሩ አትራፊ ነው፤ 57 ሲደርስ ከሳሪ ይሆናል። «መደብሩ ያከስራል» የሚለው አባባል ስለ መደብሩ ብቻ የሚናገር አይደለም ማለት ነው፤ የአስተዳደር ወጪው ከግማሽ በላይ በገቢ ይከፈል ብሎ የወሰነውን ሰው ምርጫም አብሮ ይዟል። ጥሩ ሪፖርት አንድ ቁጥር አቅርቦ ዝም አይልም፤ ውጤቱ ምልክቱን የሚለውጥበትን ቦታም አብሮ ያሳያል።

ገቢ መደብሩን የሚጎዳበት የተለየ ምክንያትም አለ። መደብሩ ከሚሸጠው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ውስጥ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብሩ የተገዛው ዕቃ ዋጋ ነው። ገንዘቡ በመደብሩ እጅ አልፎ ወደ አስመጪው የሚሄድ ነው። ዲዛይን ግን የሚሸጠው የሰው ሥራ ስለሆነ የተገዛ ዕቃ የለበትም። ትርፉ ጠባብ የሆነ ንግድ በገቢ ሲለካ ከአቅሙ በላይ ትልቅ ይመስላል። የማተሚያው ወረቀትና ቀለም 360 ሺህ ብር ነው ቢባልና መለኪያው የዕቃ ዋጋ የተቀነሰለት ገቢ ቢሆን የመደብሩ ድርሻ ከ60 ወደ 26 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሸቀጥ የሚሸጥና አገልግሎት የሚሸጥ ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ጥሬ ገቢን መለኪያ ማድረግ ሁልጊዜ መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።

የክብደት ምርጫ ከአንድ ድርጅት ግቢ የሰፋ ታሪክም አለው። በአሜሪካ በብዙ ክፍላተ ግዛቶች የሚሠራ ኩባንያ ትርፉ ለየግዛቱ ግብር ሲከፋፈል ለረጅም ጊዜ የተሠራበት «የማሳቹሴትስ ቀመር» የሚባለው ነበር። ንብረት፣ ደመወዝና ሽያጭ እኩል ክብደት ይዘው ይመዝናሉ። ኋላ ላይ በርካታ ግዛቶች የሽያጩን ክብደት ከፍ አደረጉ፣ አንዳንዶቹም ሽያጭን ብቻ ያዙ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በግዛቱ ውስጥ ፋብሪካ ተክሎ ምርቱን ሌላ ቦታ የሚሸጥ ኩባንያ ግብሩ ይቀልለታል። ሒሳቡ ያው የማከፋፈያ ሰንጠረዥ ሒሳብ ነው፤ ክብደቱን የወሰነው ግን የእያንዳንዱ ግዛት ጥቅም ነበር። በድርጅት ውስጥም እያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ የሚደግፈው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉን የሚያቀልለትን ነው። ስለዚህ መለኪያው ቁጥሩ ከመታየቱ በፊት፣ ምክንያቱ ተጽፎ ቢወሰን ይመረጣል።

የመለኪያው ቁጥር ከየት መጣ?

ፎርሙላው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን የሚገባበት ቁጥር ከተበላሸ ውጤቱ ይበላሻል። የሠራተኛ ቁጥር ሲባል የትኛው ቀን ነው? ማተሚያው የትምህርት መክፈቻ ሲደርስ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። የሰኔ 30 ቁጥር ብቻ ከተወሰደ ያ ሁሉ ሰው አይታይም። የወሮቹ አማካይ የተሻለ ነው፤ ግማሽ ቀን የሚሠራውም እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠራል። ምሳ የማይበላ የውጭ ኮንትራት ሠራተኛ በምሳ ወጪ ክፍፍል ውስጥ መግባቱም መጠየቅ አለበት።

በካሬ ሜትር ላይ ወጥመዱ የጋራ ቦታው ነው። ድርጅቱ የተከራየው 600 ካሬ ሜትር ሆኖ 100ው መተላለፊያ፣ ደረጃና የአስተዳደር ቢሮ ነው እንበል። አካፋዩ 500 ሳይሆን 600 ከተደረገ ለሦስቱ ክፍሎች የሚደርሰው ከኪራዩ 125 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል፤ 25 ሺህ ብር ማንም ሳይወስደው ይቀራል። የድምሩ መቆጣጠሪያ ይህን ወዲያው ያሳያል። በጥንቃቄ የሚሠሩ ደግሞ የአስተዳደር ቢሮውን ኪራይ መጀመሪያ ወደ አስተዳደር ወጪ ያዛውሩታል፤ ከዚያ ከአስተዳደሩ ጋር አብሮ ይከፋፈላል። አገልጋዩ ክፍል የራሱን ቤት ኪራይ ይዞ ወደ ተገልጋዮቹ ይሄዳል ማለት ነው።

ገቢ ላይ የሚታየው የተለመደ ስህተት የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ማተሚያውና ዲዛይኑ ታክሱን ለይተው፣ መደብሩ ግን ከካሽ ሬጅስተሩ ላይ ታክሱን ጨምሮ ሪፖርት ካደረጉ የመደብሩ ገቢ በ15 በመቶ ይነፋል። በተያዘው ምሳሌ ይህ ብቻውን ከአስተዳደር ወጪ ወደ 4 ሺህ 600 ብር ተጨማሪ መደብሩ ላይ ይጭናል። ይህን የድምር መቆጣጠሪያው አያየውም፤ ድርሻዎቹ አሁንም 100 በመቶ ይሆናሉና። የሚገኘው የገቢው ድምር ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ሲመሳከር ብቻ ነው።

ኤክሴል ራሱ የሚያመጣው ስህተትም አለ። ከሌላ ሶፍትዌር ተገልብጦ የመጣ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል። የዲዛይኑ 8 ሠራተኛ እንዲህ ቢሆን `SUM` ይዘለውና ድምሩ 40 መሆኑ ቀርቶ 32 ይሆናል። ማካፈሉ ላይ ግን ኤክሴል ያንኑ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ለውጦ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ድርሻዎቹ 62.5፣ 25 እና 37.5 ሆነው ድምራቸው 125 በመቶ ይደርሳል፤ የ60 ሺህ ብር ምሳና ሰርቪስም 75 ሺህ ሆኖ ይከፋፈላል። ዓይን ያስተዋለ እንደሆነ በሴሉ ውስጥ ወደ ግራ ተጠግቶ የተቀመጠ ቁጥር የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ሌላው ጥያቄ መለኪያው በየወሩ ይለወጥ ወይስ ይጽና የሚለው ነው። የመደብሩ ሽያጭ በአንድ ወር ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ወደ 800 ሺህ ቢወድቅ የማተሚያው የገቢ ድርሻ ከ30 ወደ 45 በመቶ ይዘላል። ከአስተዳደር ወጪ የሚደርሰውም ከ42 ሺህ ወደ 63 ሺህ ብር ይወጣል። ማተሚያው በዚያ ወር የሠራው ጥፋት የለም፤ የተቀጣው ጎረቤቱ ስላልሸጠ ነው። መደብሩ በበኩሉ ባልሸጠበት ወር 28 ሺህ ብር ይቀልለታል። ይህን ለማስቀረት ብዙዎች የዓመቱን ዕቅድ መለኪያ አድርገው ሐምሌ 1 ላይ ያጸኑታል፤ እስከ ሰኔ መጨረሻም አይነኩትም። እያንዳንዱ ክፍል የሚደርስበትን ድርሻ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሌላው ውጤትም በእርሱ ላይ አይወድቅም።

ሰንጠረዡ የማይመልሰው ጥያቄ

በመጀመሪያው ክፍፍል መደብሩ 18 ሺህ 200 ብር ይከስራል ተብሎ ተዘጋ እንበል። ውጤቱ የ18 ሺህ 200 ብር ቁጠባ አይደለም። ከመደብሩ ጋር 140 ሺህ ብር ይሄዳል። ኪራዩ ውል ስላለው ይቀራል፤ ሥራ አስኪያጁም፣ ጥበቃውም፣ ኦዲተሩም ይቀራሉ። የሚቀንሰው ምናልባት የ12ቱ ሠራተኞች ምሳና ሰርቪስ፣ 18 ሺህ ብር ነው። በወር 70 ሺህ ያተርፍ የነበረ ድርጅት 52 ሺህ ብር ከሳሪ ይሆናል።

ሰንጠረዡ በዚህ አያበቃም። የቀረው 382 ሺህ ብር በሁለት ክፍሎች ላይ ሲወድቅ ለማተሚያው 300 ሺህ ብር ገደማ ይደርሰዋል። ትናንት ከሁሉም የበለጠ አትራፊ የነበረው ማተሚያ 60 ሺህ ብር ገደማ ይከስራል፤ በዚያው አመክንዮ ቀጥሎ የሚዘጋው እርሱ ይሆናል። ክፍሎች በየተራ እየተዘጉ የጋራው ወጪ በቀሩት ላይ እየከበደ የሚሄድበት ይህ ቁልቁለት በሒሳብ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ስህተቱ ከፎርሙላው አይደለም፤ ከጥያቄው ነው። የማከፋፈያ ሰንጠረዥ የሚመልሰው እያንዳንዱ ክፍል ከጋራው ምን ያህል ድርሻ ይያዝለት የሚለውን ነው። መዝጋት ወይም መቀጠል የሚል ውሳኔ የሚፈልገው ሌላ ዓምድ ነው፤ ክፍሉ ቢጠፋ የትኛው ወጪ አብሮ ይጠፋል? ስለዚህ በ`Costs` ሺት ላይ ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን ክፍሉ ሲዘጋ የሚቀረውን መጠን የሚይዝ አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ የተከፋፈለው ወጪ እንደሚቀር ወጪ ተደርጎ እንዳይነበብ ያስጠነቅቃል። በሪፖርቱም ላይ ከቀጥተኛ ወጪ በኋላ የቀረው ትርፍ ከክፍፍሉ በፊት ለብቻው መታየት አለበት፤ የመደብሩ 140 ሺህ ብር በ18 ሺህ 200 ብር ኪሳራ ተሸፍኖ መቅረት የለበትም።

የሰንጠረዡ ሌላው ወሰን ከውጭ ከሚቀርበው የሒሳብ መግለጫ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ሥራ ላይ እንዲውሉ መሠረት ጥሏል። በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት በመጋዘን ያለ ምርት ዋጋ ውስጥ የሚገባው ምርቱን ለማዘጋጀት የዋለ ወጪ ነው፤ የማምረቻው የጋራ ወጪ ይገባል፣ አጠቃላይ የአስተዳደር ወጪ ግን አይገባም። ስለዚህ በሰንጠረዡ ለማተሚያው የደረሰው 42 ሺህ ብር የአስተዳደር ድርሻ ለውስጥ ውይይት ይጠቅማል እንጂ ታትሞ ባልተሸጠው ደብተር ዋጋ ላይ አይደመርም። የማተሚያው ወለል ኪራይ ግን የማምረቻ ወጪ ስለሆነ ሊደመር ይችላል። አንድ ሺት ለሁለቱም ሥራ እንዲያገለግል የሚፈለግ ከሆነ የማምረቻና የአስተዳደር ወጪዎች ከመጀመሪያው በተለያየ ረድፍ መቀመጥ አለባቸው፤ ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት የሚቻለው ወደ ደረሰኞቹ ተመልሶ ብቻ ነው።